የጥፍር ባለሙያ ልቀጥር ነው፣ ማስታወቂያው ላይ ምን ልጻፍ? ሲመጡስ ምን ልጠይቅ?

«ጤና ይስጥልኝ። ገርጂ አካባቢ ትንሽ የሴቶች የውበት ሳሎን አለኝ። ፀጉሩ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን ጥሩ ነው፣ ጥፍር ላይ ግን ሰው አልበረክትልኝ አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ልጆች ቀየርኩ። አንደኛዋ እጇ ጥሩ ነበር ግን አንድ ቀን ሳትነግረኝ ቀረች፣ ከዛ ደንበኞቼ እሷ ወደገባችበት ቤት ሄዱ። ሁለተኛዋ ጠዋት ጠዋት ታረፍዳለች፣ የሰራችው ጄል ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው እየተነሳ ሰው ይመለስብኝ ነበር፣ እሷን እኔው አሰናበትኳት። ለነገሩ የመጀመሪያዋም ላይ መነሳቱ አልፎ አልፎ ነበር። አሁን ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ላወጣ ነው፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ሲመጡስ ምን ብጠይቅ ነው አስተማማኟን የምለየው? እህቴ ዋስ ሳትጠሪ እንዳትቀጥሪ ትለኛለች፣ ደላላም አለ። ግራ ገብቶኛል።»
የሳሎን ባለቤት፣ ከገርጂ

እህቴ፣ የተለመደውን ማስታወቂያ ታውቂዋለሽ፣ «ልምድ ያላት፣ ታማኝ፣ ታታሪና ስነ ምግባር ያላት የጥፍር ባለሙያ እንፈልጋለን፣ ደሞዝ በስምምነት»። ይሄን ያነበበች ሁሉ ትደውላለች፣ ታማኝ አይደለሁም ብላ የምትቀር የለችማ። ስልክሽ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፣ አንቺም ለእያንዳንዷ ደሞዙ ስንት እንደሆነ፣ ቦታው የት ጋ እንደሆነ፣ ሰዓቱ እስከ ስንት እንደሆነ ስትደጋግሚ ትውያለሽ። የምትፈልጊያት ልጅ ግን አትደውልም። ጥሩ እጅ ያላት ልጅ እኮ ብዙ ጊዜ ስራ ላይ ናት፣ ማስታወቂያሽን የምታየው በሁለት ደንበኛ መሀል ስልኳን ስትከፍት ነው፣ «በስምምነት» የሚለውን ስታይ ያለችበትን ቤት ለቃ የምትመጣበት ምክንያት ስለማይታያት ታልፈዋለች። ስለዚህ ማስታወቂያውን ስትጽፊ ስራ ለሌላት ልጅ ሳይሆን ስራ ላይ ላለችው ልጅ እንደምትጽፊ አስቢው።

እሷ መጀመሪያ የምታየው ብሩን ነው፣ ብሩ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የምትፈልገው ፐርሰንቱ ከየት ላይ እንደሚቆረጥ ነው። የጥፍር ልጆች ከሳሎን የሚለቁበትን ምክንያት ቁጭ ብለሽ ብታዳምጫቸው አብዛኛው እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። እስኪ በቁጥር እንየው። አንድ ጄል 800 ብር ታስከፍያለሽ እንበል፣ ልጅቷን ደግሞ 30 ፐርሰንት ብለሻታል። እሷ በልቧ ከ800 ላይ 240 ብር አስባለች። አንቺ ደግሞ በልብሽ የጄሉ፣ የአሴቶኑ፣ የፋይሉ የጥጡ ምናምን ወጪ 150 ብር መጀመሪያ ተቀንሶ ከቀሪው 650 ላይ ነው ያሰብሽው፣ ያ ደግሞ 195 ብር ይመጣል። ልዩነቱ በአንድ ደንበኛ 45 ብር ነው፣ ትንሽ ይመስላል፣ ግን በቀን አምስት ሰው ብትሰራና በወር 26 ቀን ብትገባ 5,850 ብር ይሆናል። የመጀመሪያው ወር መጨረሻ ላይ ይሄን ብር ጎድሎ ያገኘችው ልጅ ምንም አትልሽም፣ ዝም ብላ ሌላ ቤት መጠየቅ ትጀምራለች፣ እስከዛ ድረስም የደንበኛሽን ስልክ ታጠራቅማለች። የመጀመሪያዋ ልጅሽ በዚህ ምክንያት ነው የሄደችው አልልም፣ እኔ አላውቃትም፣ ግን ሂሳቡን ስትነግሪያት እንዴት እንደነገርሻት አስታውሺ፣ ወረቀት ላይ ካልነበረ አሁን ማስታወቂያው ላይ ይግባ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በሳምንት ስድስት ቀን የሚያሰራ ሳሎን ብዙ ነው፣ ግን የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ መደበኛ ስራ በቀን ከ8 ሰዓት በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ነው የሚለው፣ ከዛ በላይ ያለው ተጨማሪ ሰዓት ነው፣ ይከፈልበታል። ደግሞ የኛ ስራ ሁሌ እኩል አይደለም፣ ማክሰኞ ጠዋት ባዶ ቁጭ ትያለሽ፣ የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ ግን ሰው በር ላይ ይሰለፋል፣ ጥር ላይና ከዳግማ ትንሳኤ በኋላ ደግሞ ሰርግ አለ፣ ሙሽራና ሚዜ ይዘሽ እስከ ማታ ትቆያለሽ። ይሄን አስቀድመሽ ጻፊው። በዋዜማ ማምሸት እንዳለ፣ ሲያመሹ ምን እንደሚከፈልና የታክሲው ነገር እንዴት እንደሚሆን ቀድማ ያወቀች ልጅ የበዓል ዋዜማ ላይ «አመመኝ» ብላ ስልክ አታጠፋብሽም፣ የማትችለዋም ከመጀመሪያው ትቀራለች።

ማረፈዱንም ከዚሁ ጋር አያይዢው። የምታረፍድ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለችም፣ ቱሉ ዲምቱ ወይ ኮዬ ፈጬ እየኖረች ገርጂ ሶስት ሰዓት ላይ በር እንድትከፍት የምትጠበቅ ልጅ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው ጠዋቷ የሚያልቀው። ስለዚህ ሰፈሯን ከነመንገዱ ጠይቂ፣ ስንት ታክሲ እንደምትይዝ፣ ስንት ሰዓት ከቤት እንደምትወጣ። ሩቅ ናት ብለሽ አትጣያት፣ ሩቅ ከሆነች 4 ሰዓት ገብታ አምሽታ እንድትወጣ መስማማት ትችያለሽ፣ ጥፍር ደንበኛ እንደሆነ ጠዋት በሶስት ሰዓት ብዙም አይመጣም።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምጽፈው፣ ቁጥሮቹን በራስሽ ቀይሪያቸው፦

«የጥፍር ባለሙያ (1 ሰው)፣ ገርጂ። ስራው ጄል፣ አክሪሊክ፣ ማኒኪዩርና ፔዲኪዩር። ክፍያ፦ መነሻ ደሞዝ 6,000 ብር እና ደንበኛ ከከፈለው ሙሉ ዋጋ ላይ 30 ፐርሰንት፣ የእቃ ወጪ በሳሎኑ። ፐርሰንት በየሳምንቱ ቅዳሜ ይከፈላል፣ ቲፕ ሙሉ በሙሉ የባለሙያዋ ነው። ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 12፣ መሀል ላይ የ1 ሰዓት እረፍት፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ እረፍት (ቅዳሜና እሁድ አይሆንም)። በበዓል ዋዜማና በሰርግ ወቅት ማምሸት አለ፣ በተጨማሪ ሰዓት ይከፈላል። በተመላሽ ደንበኛ ላይ የተነሳ ጥፍር በ7 ቀን ውስጥ በነጻ ይታደሳል። ቀጠሮ የሚያዘው በሳሎኑ ስልክ ነው። ማመልከት የምትፈልጉ ከመደወል በፊት በዚህ ቴሌግራም ላኩ፦ አንድ፣ የአንድ ሰው እጅ በሁለት ፎቶ፣ የተሰራ ዕለትና ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለው። ሁለት፣ በድምፅ መልዕክት አንድ ያልተሳካላችሁን ስራና እንዴት እንዳስተካከላችሁት። ሶስት፣ ሰፈራችሁን። የሁለት ቀን ሙከራ አለ፣ ሙከራው ይከፈላል።»

ረጅም ነው ልትይ ትችያለሽ፣ ይሁን። ዕድሜዋን፣ መልኳን፣ ያገባች ያላገባች የሚለውን ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ ጄል ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። የሁለቱን ፎቶ ነገር ግን እንዳትተዪው፣ ከሁሉ በላይ የሚያጣራልሽ እሱ ነው። አዲስ የተሰራ ጥፍር ፎቶ ማንም መላክ ይችላል፣ ከኢንተርኔት አውርዳ የምትልክም አለች፣ የጓደኛዋን ስራ የምትልክም አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለውን ፎቶ ግን ከኢንተርኔት አታገኘውም፣ ያንኑ እጅ፣ ያንኑ ዲዛይን፣ ጥፍሩ ከስር አድጎ ክፍተት የታየበት መሆን አለበት። እዛ ላይ ነው ስራዋ የሚታየው፣ ዳር ዳሩ ተነስቷል ወይ፣ ጫፉ ተሰንጥቋል ወይ፣ ያደገው የተፈጥሮ ጥፍር ጤነኛ ነው ወይስ በድሪል ተፍቆ ቀይ መስመር አለው። ደግሞ አስቢው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶ ያላት ልጅ ማለት ደንበኛ የሚመለስላት ልጅ ማለት ናት። አሁን የሌላት ልጅ ካለች የራሷን እጅም ብትሆን ሰርታ ትላክ፣ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ከቻልሽ።

ሲኦሲ ወይም የማሰልጠኛ ሰርተፍኬት ካላት ጥሩ ነው፣ መሰረቱን እንደተማረች ይነግርሻል፣ ግን ለመቅጠርም ላለመቅጠርም እሱ ብቻውን አይበቃም፣ ዞሮ ዞሮ እጇን ማየት አለብሽ።

ኢንተርቪው ላይ ደሞ «ራስሽን ግለጪ»፣ «ከሰው ጋር ተግባብተሽ ትሰሪያለሽ?» የሚሉትን ተያቸው፣ መልሳቸውን ሁሉም ያውቃቸዋል። ጥቂት ጥያቄ ያዢ፣ ለሁሉም እኩል ጠይቂ፣ መልሱን ደብተር ላይ ጻፊ፣ አራት ልጅ ካየሽ በኋላ ማን ምን እንዳለች ይጠፋብሻል።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይሄ ይሁን፦ «ደንበኛ ጄል ሰርተሽላት በአራተኛው ቀን ተነስቶ ብትመጣ ምን ታደርጊያለሽ?» አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ ብትዪኝ ይሄን ነው የምመርጥልሽ። ልምዱ ያላት ልጅ መልስ ከመስጠቷ በፊት መልሳ ትጠይቅሻለች፣ ስንት ጣት ነው የተነሳው? ከስር በኩል ነው ከጫፍ? ምክንያቱም ይለያያል። ከስር በቆዳው በኩል ከተነሳ ብዙ ጊዜ ዝግጅቱ ላይ ነው ችግሩ፣ ጥፍሩ ላይ ተለጥፋ የምትቀረው ስስ ቆዳ በደንብ ሳትገፈፍ፣ ወይም አቧራውና ቅባቱ ሳይጠረግ ቤዝ ተቀብቶበታል፣ ወይ ጄሉ ቆዳው ላይ ፈሶ እዛው ደርቋል። ከጫፍ ከሆነ ጫፉ አልታሸገም፣ ማለት ብሩሹ ጫፉን ዞሮ አልዘጋውም፣ ወይ ደንበኛዋ ዕቃ ታጥባለች፣ በጥፍሯ ቆርቆሮ ትከፍታለች። አሥሩም ጣት ከተነሳ ደግሞ ወይ ዝግጅቱ ነው ወይ ላምፑ ነው። ከዛ ምን ታደርጊያለሽ ስትያት፣ የተነሳውን አውልቄ እንደገና አዘጋጅቼ እሰራዋለሁ ካለች ጥሩ ነው። «ላዩ ላይ እሞላዋለሁ» ካለች ተጠንቀቂ፣ የተነሳ ጄል ላይ መሙላት ውሃና እርጥበት ከስሩ እንዲታሸግ ማድረግ ነው። «እኔ የሰራሁት ተነስቶ አያውቅም» ያለችሽን ደሞ አትመኛት፣ ጥፍር የሰራ ሰው ሁሉ ተነስቶበታል።

ሁለተኛው ከዚሁ የሚቀጥል ነው፦ «የድሮውን ጄል ስታወልቂ ከስሩ አረንጓዴ ነገር ብታገኚስ?» ይሄ ብዙ ጊዜ ጄሉ ከተነሳበት ክፍተት ውስጥ እርጥበት ገብቶ የሚፈጠር የባክቴሪያ ነገር ነው። የምትፈልጊው መልስ፦ አወልቃለሁ፣ ምንም ቀለም አልቀባበትም፣ የነካሁበትን ፋይል እጥላለሁ፣ የብረት ዕቃዎቹን አጥቤ ዲስኢንፌክት አደርጋለሁ፣ ደንበኛዋን ጤና ጣቢያ ወይ የቆዳ ሐኪም እንድታይ እነግራታለሁ። «ጠቆር ያለ ቀለም እቀባላታለሁ አይታይም» የምትል ልጅ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳን አትቅጠሪያት፣ የሳሎንሽን ስም ነው የምትሸፍንበት። የማላውቀው ነገር ነው፣ አልነካውም ካለችሽ ግን አትቀንሺባት፣ እንደውም ደህና መልስ ነው።

ሶስተኛው፦ «ከአንድ ደንበኛ ወደ ሌላ ስትዞሪ ዕቃውን ምን ታደርጊዋለሽ?» እዚህ ጋ ቅደም ተከተሉን አዳምጪ። መቁረጫውና መግፊያው መጀመሪያ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዛ ነው ዲስኢንፌክታንት ውስጥ የሚገባው፣ በእቃው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ልክ። ሳይታጠብ የተነከረ ብረት ቆሻሻው ላዩ ላይ ስላለ በደንብ አይጸዳም። ያቺ ሰማያዊ መብራት ያላት ሳጥን ውስጥ አስገባዋለሁ ብቻ ካለች በቂ አይደለም፣ ሳጥኗ የጸዳ ዕቃ ማስቀመጫ እንጂ ማጽጃ አይደለችም። ፋይልና ባፈር ደሞ ለአንድ ሰው ነው፣ ወይ ይጣላል ወይ ስም ተጽፎበት ለዛችው ደንበኛ ይቀመጣል። ይሄን ስትጠይቂ ግን አንቺም መልሱ ይኑርሽ፣ ልጅቷ «ፋይል በቀን ስንት ይሰጠኛል?» ብላ ብትጠይቅሽ በቀን አንድ ነው የምትያት ከሆነ ንጽህናውን ከሷ መጠበቅ አትችይም።

አራተኛው፦ «ካለሽበት ወይም ከለቀቅሽበት ቤት ለምን ነው የምትወጪው?» መልሱን ስትሰሚ መልቀቋን እንደ ጥፋት አትቁጠሪው፣ ሰው ስራ ይቀይራል። የምታዳምጪው ነገሩን እንዴት እንደምትናገረው ነው። «ፐርሰንቱ ላይ አልተግባባንም፣ ነግሬያቸው ነበር፣ አንድ ወር ጠብቄ ወጣሁ» የምትል ልጅ ችግር ሲኖር አፍ አውጥታ የምትናገር ናት፣ አንቺም ዘንድ ቅር ሲላት ትነግርሻለች። ሶስት ቤት ቆጥራ ሶስቱም ላይ ጥፋቱ የባለቤቷ ነው ካለች፣ ዝርዝሩንም ስትጠይቂያት ከተደባለቀባት፣ አራተኛዋ አንቺ ነሽ። ከዛ አስከትለሽ «የመጨረሻው ቀን እንዴት ነበር? ማን ያውቅ ነበር? የተያዘ ቀጠሮ ነበረሽ ወይ፣ እሱስ ምን ሆነ?» ብለሽ ጠይቂ። አስተማማኝነት የሚባለው ነገር ከዚህች ጥያቄ በላይ የሚታይበት ቦታ የለም። «ሁለት ቀጠሮ ነበረኝ፣ ሰርቼ ነው የወጣሁት» ያለችና «ጠዋት አልሄድኩም በቃ» ያለች ይለያያሉ።

አምስተኛው ስለ ደንበኛ ስልክ ነው፣ ፊት ለፊት ጠይቂ፦ «ደንበኛ ቁጥርሽን ብትጠይቅሽ ምን ትያታለሽ?» በፍጹም አልሰጥም የሚለውን መልስ አልፈልገውም እኔ፣ ደንበኛ የወደደችውን እጅ ትከተላለች፣ ይሄ ያለ ነው፣ ውል ላይ «ደንበኛ አትወስድም» ብለሽ ብትጽፊም ማስከበሩ ከባድ ነው። የሚሻለው ቀጠሮው በሳሎኑ ስልክ እንዲያዝ ማድረግ ነው፣ የደንበኛው ስም፣ ቁጥር፣ የሰራችው ቀለምና ቀን አንቺ ጋ ባለ ደብተር ወይ ቴሌግራም ላይ ይመዝገብ፣ በሁለት ሳምንቱ «ማደሻሽ ደርሷል» የሚለውን መልዕክት ሳሎኑ ይላክ። ያኔ ልጅቷ ብትሄድ እንኳን ደንበኛዋ የሳሎኑ ቁጥር አላት፣ አንቺም የሷ አለሽ። የመጀመሪያዋ ልጅ ስትሄድ የሄዱት ደንበኞች ቁጥራቸው አንቺ ጋ ነበር ወይ? ካልነበረ የጎደለው እሱ ነው።

የማይጠየቁም አሉ። ልታገቢ ነው ወይ፣ ልትወልጂ አስበሻል ወይ፣ ሃይማኖትሽ ምንድነው፣ ብሄርሽስ፣ የደም ምርመራ ወረቀት አምጪ የሚሉት። አዋጁ በጾታ፣ በብሄር፣ በሃይማኖት፣ በኤችአይቪ ምክንያት ማድላትን ይከለክላል፣ ከህጉም ውጪ ምንም አይነግሩሽም። ቅዳሜ መግባት ትችላለች ወይ የሚለውን ማወቅ ከፈለግሽ ቅዳሜ መግባት ትችያለሽ ወይ ብለሽ ጠይቂያት።

ከኢንተርቪው በኋላ ሙከራ ነው፣ ሙከራውን ደግሞ ክፈይ። ልጅ ጠርቶ ሶስት ቀን በነጻ አሰርቶ ብሩን ለራሱ የሚያስቀር ሳሎን አለ፣ ጥሩ ባለሙያዎቹ ይሄን ስለሚያውቁ ሙከራ ሲባሉ ይሸሻሉ። የመጀመሪያውን የራስሽን እጅ ስጫት። የድሮ ጄል ያለበት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ከመቀባቷ ይልቅ ማውለቋን ነው ማየት ያለብሽ። ላዩን በፋይል ትንሽ ከፍታ፣ ጥጥ በአሴቶን ነክራ፣ በፎይል ጠቅልላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ትጠብቃለች ወይስ ሶስት ደቂቃ ጠብቃ በብረት መፋቅ ትጀምራለች? የምትፍቀው ጄሉን ብቻ አይደለም፣ የጥፍሩን ሽፋን አብራ ታነሳዋለች፣ ጥፍሩ ይሳሳል፣ ቀጥሎ የሚቀባውም አይይዝም። ድሪል ከያዘች እጇን ተመልከቺ፣ አንድ ቦታ ላይ ታቆመዋለች ወይ ታንሸራትተዋለች? ካቆመችው ያቃጥልሻል፣ ወዲያው ታውቂዋለሽ፣ «አመመኝ» በያት፣ ምን እንደምትል ስሚ። ወዲያው ካነሳችው ጥሩ፣ «ትንሽ ነው ቻይው» ካለች ደንበኛሽንም እንዲሁ ነው የምትላት።

ስትጨርስ ቀለሙን ትተሽ ዳሩን እይ። ጄሉና ቆዳው መሀል ፀጉር የምታክል ክፍተት አለ ወይ? ቆዳው ላይ የደረቀ ጄል ካለ እዛ ጋ ይነሳል፣ ከዛም በላይ ያልደረቀ ጄል ደጋግሞ ቆዳ ሲነካ ሰውን አለርጂ ያደርጋል፣ አለርጂው አንዴ ከመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይለቅም። ከዛ ከጥጥ ላይ ትንሽ ክር ሳቢና በጥፍሩ ዙሪያ በቀስታ ጎትቺው፣ ከያዘ እዛ ጋ ከፍ ያለ ወይ ያልተዘጋ ቦታ አለ ማለት ነው፣ ሳይዝ ካለፈ ስራው ንጹህ ነው። በሁለተኛው ቀን ሁለት የምታውቂያቸውን ደንበኞች፣ ሙከራ እንደሆነ ነግረሽ በግማሽ ዋጋ ስጫት፣ በሳምንቱና በሁለት ሳምንቱ ፎቶ እንዲልኩልሽ ጠይቂያቸው። ፍጥነቷን እዚህ ጋ አትመዝኚው፣ ፍጥነት በስራ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋሱ። እህትሽ ክፉ አላሰበችም፣ ግን ዋስ የሚጠቅመው ገንዘብና ንብረት ለሚይዝ ሰው ነው፣ የጥፍር ልጅ ካሽ የማትነካ ከሆነ ዋሱ ለየትኛው ችግርሽ ነው? ያጋጠመሽ መጥፋት፣ ማርፈድና የስራ ጥራት ነው፣ ሶስቱንም ዋስ አይመልስልሽም። በዛ ላይ አዲስ አበባ ዘመድ የሌላትን ጥሩ ልጅ ያስቀርብሻል። የፋይዳ ወይ የቀበሌ መታወቂያዋን ኮፒ ያዢ፣ ዋናውን ግን አትያዢባት፣ የመጀመሪያ ወር ደሞዟንም እንደ መያዣ አታስቀሪ፣ በህግ ወይ በፍርድ ቤት ካልታዘዘ ወይ እሷ ራሷ በጽሁፍ ካልተስማማች ከደሞዝ ላይ መቁረጥ አይቻልም።

ከዋስ ይልቅ ስልክ ደውዪ። የድሮ ቤቷን ስም ጠይቂያትና ቁጥሩን ራስሽ ከፌስቡክ ወይ ከቲክቶክ ፔጃቸው ፈልጊ፣ እሷ የምትሰጥሽ ቁጥር የጓደኛዋ ሊሆን ይችላል። አሁን የምትሰራበት ቤት ከሆነ ግን እንዳትደውዪ፣ እንጀራዋን ታስቆርጫታለሽ፣ ከዛ በፊት የነበረችበትን ደውዪ። ባለቤቷን «ጥሩ ልጅ ናት?» ብለሽ አትጠይቂያት፣ «ከመቼ እስከ መቼ ሰራች? ስትወጣ ቀድማ ነገረችሽ? አሁን ብትመለስ ትቀበያታለሽ?» በያት። የተናደደች ባለቤት ብዙ ልትል ትችላለች፣ አንቺ ግን የመጨረሻዋን መልስ ያዢ። «እሷ እኮ ለቃብኝ ሄደች፣ ግን ብትመለስ እቀበላታለሁ» ካለችሽ ሌላ አትፈልጊ። ደላላ ጋ የሚሄደው ነገር ደግሞ ለኔ የመጨረሻ ነው፣ ደላላ የሚከፈለው ልጅቷ ስትገባ ነው፣ ብትቆይልሽ ባትቆይልሽ እሱን አይነካውም።

ስትቀጥሪያት የሙከራ ጊዜውን በጽሁፍ አድርጊው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የስራ ቀን ነው፣ በጽሁፍ መሆን አለበት፣ በዛ ውስጥ ለስራው ብቁ ካልሆነች ያለማስጠንቀቂያ ማቋረጥ ትችያለሽ፣ እሷም እንደዛው መውጣት ትችላለች። ከሙከራው በኋላ ግን ስራ የምትለቅ ሰራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባት። ይሄን አንብበሽላት አስፈርሚያት፣ ብዙ ልጆች ህጉን ስለማያውቁት ነው በማግስቱ የሚቀሩት። ውሉ ላይ ያ የፐርሰንቱ ሂሳብ በምሳሌ ይግባ፣ 800 ሲከፈል 240 የሷ ብለሽ በቁጥር፣ የነጻ ማደሱም ነገር አብሮ፣ ማለትም የተነሳውን ስታድስ ፐርሰንት እንደሌለው፣ ደንበኛዋ በጥርሷ ነክሳ ከሰበረችው ግን እንደ አዲስ ስራ እንደሚቆጠር።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የያዘኝ እሱ ነው። ሁለት የተለያዩ እጆች፣ አንዷ ጥሩ አንዷ ደካማ፣ ሁለቱም ላይ ጄሉ ይነሳ ነበር ብለሻል። ይሄ ሲሆን ከሰው በፊት ላምፑን ነው የምጠረጥረው። ላምፕሽ የድሮው አምፖል ያለበት ዩቪ ከሆነ አምፖሉ መብራቱን እንደያዘም ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳል፣ በየጊዜው መቀየር አለበት፣ የተቀየረበትን ቀን ካላስታወስሽ አልተቀየረም ማለት ነው። ኤልኢዲ ከሆነ ደሞ ከምትገዢው ጄል ጋር የሚሄድ መሆኑን ጠርሙሱ ላይ እይ፣ ለየትኛው ላምፕ ስንት ሰከንድ እንደሚል ተጽፏል፣ የገበያ ጄል ሁሉ ከሁሉም ላምፕ ጋር አይደርቅም። መብራት መጥቶ ሲሄድ ሰዓት ቆጣሪው ከመጀመሪያ እንደሚጀምርም አትርሺ፣ ግማሽ ላይ ተቋርጦ «በቂ ነው» ተብሎ የታለፈ ብዙ ነው። ማስታወቂያውን ከመልቀቅሽ በፊት ፕላስቲክ ቲፕ ላይ ቤዝ፣ ሁለት ስስ ቀለምና ቶፕ ቀቢና በተባለው ሰከንድ አድርቂው፣ ከዛ ቲፑን እጠፊው፣ ጄሉን ገልብጠሽም ከስሩ በጥፍርሽ ጫን በዪው። ከስሩ እንደ ማስቲካ የሚለጥፍ ከሆነ ወይም ቀለሙ በጣትሽ ላይ ከቀረ አልደረቀም፣ መጀመሪያ አምፖሉን ወይ ላምፑን ቀይሪ፣ ሰው ከዛ በኋላ ጥሪ።